ሁለት እግር፣ ሁለት ግልገል

ነገሩ የሆነው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ደጋ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ፣ ውርጩ በሚበረታበት ሰሞን። እዚህ አካባቢ በግ ይበዛል፣ ፍየል ጥቂት ነው። እንስሳት የማክም ሰው ስለሆንኩ አስቸጋሪ ምጥ ብርቄ አይደለም። ስለዚህች ፍየል ለመጻፍ የመረጥኩት ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ሌሊት ስላሳየችን ነው። መጀመሪያ የማይወጡ ግልገሎች ነበሩ። ከወጡ በኋላ ደግሞ ሊሞቱ የደረሱ ግልገሎች ሆኑ። በሁለቱም ላይ ነገሩን የወሰነው ምን እንደተደረገ ብቻ አይደለም፣ የቱ እንደቀደመ ጭምር ነው።

ፍየሏ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወልዳለች። ያኔ አንድ ግልገል ነበር፤ ማንም ሳይነካት ወልዳ አደረች። አሁን ግን ሆዷ ግራና ቀኝ ተወጥሮ ነበር። ባለቤቷ እማማ «መንታ ነው» ብለው ቀድመው ቆርጠዋል። ልክ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ያዘች። መሬቱን በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ዞራ ጎኗን ታያለች። ከጭራዋ ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ላልተው በጣት ሲፈለጉ አይገኙም። ግቷ ሞልቷል። ይህ የማህፀን በር የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ለሰዓታት ቢቆይ አያስደነግጥም፤ አንዳንዷ ግማሽ ቀን ትቆይበታለች። በዚህ ሰዓት እጅ ማስገባት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ የእንሽርት ውሃው ፈሰሰ፣ ማማጥም ጀመረች። ሰዓት መያዝ ያለበት ከዚህ ላይ ነው። አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ካለፈና ወደፊት የመጣ ነገር ከሌለ መፈተሽ አለባት። እማማ ቤት ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት ሰኮና ብቅ አለ። ሁሉም «ተገላገለች» አሉ። በደህና የሚመጣ ግልገል ሁለት የፊት እግሩን ያስቀድማል፤ አፍንጫው እግሮቹ ላይ ተጋድሞ ይከተላል። እግሮቹ መጥተዋል። አፍንጫው ግን የለም።

ጎረቤት ተጠራ። ሁለቱ እግሮች በገመድ ታሰሩ፤ ባማጠች ቁጥር ተጎተቱ። ጣት ታህል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ገመዱ ሲላላ እግሮቹ ተመልሰው ይገባሉ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ እግሩ አለ፣ ራሱ የለም» አሉኝ እማማ።

ከዚህ የተሻለ ገለጻ ከባለሙያም አይገኝም። ገመዱን እንዲፈቱ፣ ማንም እንዳይጎትት፣ ውሃ እንዲያሞቁ ነገርኳቸው። ስደርስ 3 ሰዓት አልፎ ነበር።

የማን እግር ነው?

ፍየሏ ተኝታለች። ታምጣለች፣ ግን ማማጧ ደክሟል። ድዷ አልነጣም፤ ለመነሳት ስትሞክር ትነሳለች። ይህ ጥሩ ነው፤ ገና አቅም አላት። ከቤቱ ሰዎች መካከል የእማማ ምራት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ኩራዝ ይዛ ልታግዝ ቀርባለች። ውጪልኝ አልኳት። ፍየል ስትወልድ የሚወጣው ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ ነፍሰ ጡርን የሚያስወርድ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ይህን የምለው ሁልጊዜ ነው፤ ሁልጊዜም የሚቆጣ አማት አይጠፋም። መብራቱን የልጅ ልጃቸው ያዘ፣ የስልኩን ባትሪ አብርቶ።

ጥፍሬን ቆርጬ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። የፍየሏንም ከጭራዋ ስር ያለውን ሁሉ አጠብን። ጓንት አጠለቅኩ፣ ጄል በደንብ ቀባሁ። ውሃው ፈሶ ሰዓት ያለፈበት ማህፀን ደረቅ ነው። በደረቅ እጅ ከተገባ ይላጣል፣ ይቀደዳል። ጄል የሌለው ሰው ንጹሕ የምግብ ዘይት ይጠቀማል።

መጀመሪያ የተመለከትኩት ውጭ ያሉትን እግሮች ነው። የፊት ናቸው ወይስ የኋላ? የፊት እግር ላይ ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች፣ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። የኋላ እግር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወደ አንድ፣ ቋንጃው ወደ ሌላ ይታጠፋል። ይህን በጨለማም በጣት መለየት ይቻላል። ሁለቱም የፊት እግሮች ነበሩ። ጎረቤቶቹን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው። ሁለት የፊት እግር ያየ ሰው አንድ ግልገል ያየ ይመስለዋል።

የአንዱን እግር ይዤ ወደ ውስጥ ተከተልኩት። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ከዚያ ደረት። እጄን ሳላነሳ በደረቱ ላይ ተሻግሬ ሌላኛውን ትከሻ አገኘሁ። ከዚያ ስወርድ የዚያኛው ወገን እግር ታጥፎ ሆዱ ስር ነው ያለው። ስለዚህ ውጭ የሚታየው ሁለተኛ እግር የዚህ ግልገል አይደለም። አንገቱን ስከተል ደግሞ ወደ ግራ ታጥፏል። ራሱ የገዛ ጎኑ ላይ ተኝቷል። በሰኮናው መሀል ቆንጠጥ ሳደርገው እግሩን ሰበሰበ። በሕይወት አለ።

ሁለተኛውን እግር እንዲሁ ተከተልኩ። ከመጀመሪያው ግልገል ኋላና ወደ ቀኝ ወዳለች ሌላ ግልገል ወሰደኝ። የዚህችኛዋ ራስ ቀጥ ብሎ ወደ መውጫው ነው። የጎደላት የታጠፈ አንድ እግሯ ነው። ሁለቱ በጠባብ በር አንድ አንድ እግር አስቀድመው ተቀርቅረዋል። ከውጭ በተጎተተ ቁጥር የሁለት ግልገል ትከሻ በአንድ ዳሌ አጥንት መሀል ይጋጭ ነበር። አሥር ሰው ቢጎትት አይወጣም። ቢወጣ እንኳ የሚወጣው ከተቀደደ ማህፀን ጋር ነው።

እዚህ ላይ የምመርጠው ነገር ነበር። በሩን የዘጋው አንገቱ የታጠፈው ወንዱ ነው። ብዙ ሰው ፊት ለፊት ያገኘውን ሊያስተካክል ይታገላል። እኔ ግን ያየሁት ለመውጣት ማን እንደቀረበ ነው። ሴቷ አንድ እግር ብቻ ነው የሚጎድላት። ወንዱ ራሱም እግሩም ይጎድለዋል፤ ራሱን ለመመለስ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንዱ ወደ ውስጥ ይመለስ፣ ሴቷ ትቅደም።

ከመግፋቴ በፊት በወንዱ እግር ላይ ነጭ፣ በሴቷ እግር ላይ ሰማያዊ ቀጭን ገመድ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሰርኩ። ለመጎተቻ አይደለም። እግሮቹ ተመልሰው ሲገቡ ማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋኝ ነው። የልጅ ልጁ የፍየሏን የኋላ እግሮች ይዞ ዳሌዋን ከፍ አደረገ። ግልገሎቹ በክብደታቸው ወደ ሆዷ ሲንሸራተቱ ለእጄ ቦታ ተገኘ። ይህ ቀላል ዘዴ ከማንኛውም ጉልበት ይበልጣል። ግን ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሆዷ ሳንባዋን ይጫናል።

የወንዱን ደረት በመዳፌ ወደ ውስጥ ገፋሁ። ስታምጥ መግፋት አይቻልም፤ ማህፀኑን ይቀድዳል። ስታምጥ ቆም፣ ስታርፍ ገፋ። ወንዱ ሲመለስ ሴቷ ቀረብ አለች። የታጠፈ እግሯን ጉልበት አገኘሁና ወደ ኋላና ወደ ላይ ገፋ አደረግኩት። ከዚያ ሰኮናዋን በመዳፌ ሸፍኜ አወጣሁት። ሰኮናው ካልተሸፈነ በሚዞርበት ጊዜ የማህፀኑን ግድግዳ ይቦጭራል። አሁን ሁለት እግር፣ በላያቸው አፍንጫ፣ ሁሉም የአንድ ባለቤት። ባማጠች ቁጥር ብቻ ሳብኩ፤ መጀመሪያ ወደ ራሴ፣ ትከሻዋ ሲያልፍ ወደ እናትየዋ ቋንጃ አዘንብዬ። ወጣች። አስነጠሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ጮኸች። በእጅ ሚዛን 2.1 ኪሎ ሆነች። በገመድ የታሰረው እግሯ ግን አብጧል።

ወንዱ አሁን ሰፊ ቤት አግኝቷል። ጆሮውን አለፍ ብዬ አገጩን ያዝኩ፣ ጥርሱ እንዳይቦጭራት አፉን በመዳፌ ሸፍኜ አዞርኩት። ራሱ እንዳይመለስ ከጆሮው ኋላ የገመድ ቀለበት አሳለፍኩ። ሁለተኛውን እግሩን እንደ እህቱ አወጣሁ። 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል እጄ ላይ ወደቀ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሁሉም ሰው እጁን እንዲያስገባ አይደለም። የማህፀን በር ካልተከፈተ፣ ማለትም ሁለትና ሦስት ጣት ብቻ የሚያስገባ ጠንካራ ቀለበት ከሆነ፣ አይገፋም። ሩብ ሰዓት ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ ደግሞ የሚቀጥለው ቀዶ ጥገና ነው። እኔም ወንዱን መመለስ ቢያቅተኝ ኖሮ ፍየሏን ጭነን ወደ ክሊኒክ እንሄድ ነበር።

ልቡ ይመታል፣ አይተነፍስም

ወንዱ ግልገል እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ፀጉሩ ቢጫ ነው። ይህ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ተጨንቆ መጸዳዳቱን ያሳያል። አይተነፍስም። ጣቴን ከግራ ክርኑ ኋላ፣ ከጎድኑ ስር አደረግኩ። ልቡ አለ፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ልብ ካለ ይሞከራል። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ድካም ነው።

አፉንና ጉሮሮውን በጣቴ ጠረግኩ፤ ወፍራም ዝልግልግ ነገር ወጣ። አፍንጫውን ከላይ ወደ ታች ጨመቅኩት። በኋላ እግሮቹ ለጥቂት ሰከንድ ዘቅዝቄ ያዝኩት፤ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ወዲያው አወረድኩት። «እናወዛውዘው?» አለ ጎረቤቱ። ግልገል ይዞ እንደ ወንጭፍ ማሽከርከር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ዘቅዝቆ ማቆየት አንጀቱን በሳንባው ላይ ይከምረዋል። እርጥብ ግልገል ከእጅ አምልጦ ግድግዳ ሲመታም አይቻለሁ።

በደረቱ አስተኛሁት፣ የፊት እግሮቹ ወደፊት፣ የኋላዎቹ ግራና ቀኝ። በዚህ አተኛኘት ሁለቱም ሳንባዎች ይከፈታሉ። በሻካራ ፎጣ ጀርባውንና ጎድኑን በደንብ አሸሁት። እናትየዋ ብትልሰው የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ የእሷ ምላስ ደግሞ ለስላሳ አይደለም። አንድ ሰንበሌጥ አፍንጫው ውስጥ አስገብቼ አዟዟርኩ። ሊያስነጥስ ይገባ ነበር። አላስነጠሰም።

የቀረው መንፋት ነው። በአፌ በቀጥታ አልነፋሁም፤ ለነፍሰ ጡሯ ያልኩት በሽታ ለእኔም አይበጅም። ከሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ ሰፊውን በኩል አፍና አፍንጫው ላይ ገጠምኩ፣ ዙሪያውን በመዳፌ ዘጋሁ፣ አንገቱን ቀና አደረግኩ። የምነፋው ጉንጬ ውስጥ ያለችውን አየር ያህል ነው፤ ደረቱ ከፍ ሲል ማቆም። የግልገል ሳንባ ትንሽ ነው፤ ሙሉ ትንፋሽ ይቀድደዋል። ጥቂት ነፋሁ፣ አየሁ፣ እንደገና ነፋሁ። ልቡ ፈጠን ሲል በጣቴ ይሰማኛል። የመጀመሪያው ለውጥ እዚያ ነው የሚታየው፣ ትንፋሽ ከመምጣቱ በፊት። ከዚያ አፉን ከፍቶ አንዴ ሳበ። ዝም አለ። እንደገና ሳበ። ሁለቱን ትንፋሾች የለየው ጊዜ እያጠረ ሄደ።

እማማ እልል አሉ። ወዲያው ሲኒ አንስተው እንገር ሊያልቡ ሄዱ።

«ትንሽ በአፉ ላፍስለት?»

«አሁን አይሆንም እማማ። መጀመሪያ ይሙቅ።»

ይህ ሐሳብ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ደካማ ግልገል ያየ ሁሉ የሚያስበው ማብላትን ነው። ግልገሉ ግን 37 ዲግሪ ነበር፤ ጤነኛ ግልገል 39 አካባቢ ነው። የቀዘቀዘ አንጀት አይሠራም። እንገሩ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ይረጋል። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ አይጠባም። የማይጠባ ግልገል በደንብ አይውጥም፤ በሲኒ የፈሰሰለት ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። ያ ግልገል በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ይሞታል። ሰውም «ጠብቶ ነበር እኮ፣ ምን ነካው?» ይላል።

ስለዚህ አደረቅነው፣ ጆሮውንና እግሩን ሳይቀር። ካርቶን ውስጥ ድርቆሽ ተነጠፈ። ሁለት ሃይላንድ በሙቅ ውሃ ተሞልተው በጨርቅ ተጠቅልለው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። የፈላ ውሃ አይደለም፤ የፈላው ጠርሙሱን ያኮማትራል፣ ግልገሉንም ያቃጥላል። እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። እትብቱን በቲንክቸር አዮዲን ነከርኩ፤ ሁለቱንም። ሰዓት ሊሞላ ሲል 38 ደረሰ። ራሱን ቀና ማድረግ ጀመረ፣ ጣቴን ሲነካ ግን ገና አይጠባም።

አሁን እንገር በቱቦ። መጠኑ በመጀመሪያው ጊዜ ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ነው። ወንዱ 1.8 ኪሎ ስለነበር 90 ሚሊ አልኩ። ቱቦው ለሕፃናት ምግብ መስጫ ከፋርማሲ የሚገዛው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻው ጎድን ለክቼ ምልክት አደረግኩበት። በአፉ ጎን በኩል አስገባሁ፤ ሲገባ ይውጣል። ሙሉ ምልክቱ እስኪደርስ ሳይሳልና ሳይታገል ገባ። ከዚያ አንገቱን በጣት ዳሰስኩ። አንዱ ጠንካራ ነገር የአየር ቧንቧው ነው። ከጎኑ ሁለተኛ ሲንቀሳቀስ ከተሰማ ቱቦው በምግብ መንገድ ነው። አንድ ብቻ ከተሰማ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ነው፤ መውጣት አለበት። ሁለት ነበሩ። ሲሪንጁን ያለ መግፊያው ገጥሜ እንገሩን አፈሰስኩ፤ በራሱ ክብደት ይውረድ። ሲጨርስ ቱቦውን ጨብጬ አወጣሁ፣ ጠብታ ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ።

እንገሩ የእናትየዋ ነው፣ ሁለቱንም ጡት ጫፍ ድፍኑን አውጥቼ ያለብኩት። ግልገል በሽታ የሚከላከልበትን ነገር በማህፀን አያገኝም፤ ከእንገር ብቻ ነው የሚያገኘው። አንጀቱም ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከግማሽ ቀን በኋላ በጣም እየቀነሰ ይሄዳል። ላም ካለች የላም እንገር ይተካል። የረጋ ወተትና ቅቤ አይተኩም።

ከመሄዴ በፊት ሁለት ኩባያ እንገር አልቤ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ለወንዱ፣ ሌላው ሴቷ ካልጠባች ለእሷ። ቱቦውን ለልጅ ልጁ አሳየሁት፣ በፊቴም አንዴ አስገባ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ሄድኩ።

ጠንካራዋ ስትደክም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልክ። ወንዱ ነው ብዬ ነበር። ሴቷ ናት።

ስደርስ በጎኗ ተኝታለች። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ በረዶ ነው። ቴርሞሜትሩ 36.2 አለ። ራሷን ለማቅናት ትሞክራለች፣ ትወድቃለች። ሆዷን ዳሰስኩት፤ ባዶ ከረጢት ነው።

«አልጠባችም?»

«ኧረ ስትጠባ ነው ያመሸችው፤ ከግቱ ስር ነበረች።»

ከግቱ ስር መሆንና መጥባት አንድ አይደሉም። ያበጠው እግሯ ቆማ እንድትቆይ አላስቻላትም። ታነፈንፋለች፣ ትይዛለች፣ ትወድቃለች። ሁሉም ሰው ምድጃው አጠገብ ካለው ወንድሟ ጋር ነበር። ለእሷ የተቀመጠውም ኩባያ ለእሱ ተሰጥቷል። ማንም አይፈረድበትም፤ ያኔ ደካማው እሱ ነበር። የጠባች ግልገል ሆዷ ሞላ ይላል፣ አፏ ይሞቃል። ሁለቱን ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ውጭ ደግሞ ውርጭ ነጭ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ሰዓቱ ነው። ወንዱ ሲቀዘቅዝ ገና የተወለደ ነበር። ግልገል ሲወለድ ለሙቀት የሚነድ ስብ ይዞ ይመጣል። እንገር ካላገኘ ይህ ስብ አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ በውርጭ ከዚያም ያጥራል። ሴቷ ከተወለደች ሰባት ሰዓት አልፏታል። ስቡም፣ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳርም አልቋል። እንደዚህ ያለችውን እንደ ወንድሟ በቀጥታ ብናሞቃት ሰውነቷ ሲነቃ ስኳር ይጠይቃል። ስኳር የለም። ትንፈራገጣለች፣ ትሞታለች። እሳት ዳር አስቀምጠዋት «ሞቃ ሳለ ሞተች» የሚባለው አብዛኛው ይህ ነው።

ስለዚህ ለእሷ ቅደም ተከተሉ ስኳር፣ ሙቀት፣ እንገር ነው። ከ37 በታች የሆነና ከአምስት ሰዓት በላይ የሞላው ግልገል ግሉኮስ በሆዱ ክፍተት በመርፌ ይወስዳል፤ 20 በመቶ የሆነ፣ ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊ። በሳጥኔ ውስጥ ያለው 40 በመቶው ነበር። 10 ሚሊ ከ10 ሚሊ የመርፌ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ሲሪንጁን በሙቅ ውሃ ውስጥ አሞቅኩት። የልጅ ልጁ በፊት እግሮቿ አንጠልጥሎ ያዛት። ከእትብቱ ጎንና ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ መርፌው ወደ ጭራዋ አዘንብሎ ይገባል። ቀስ ብዬ ሰጠሁ። ይህ ሥራ ሳይታይ ከጽሑፍ የሚሞከር አይደለም፤ ፊኛና አንጀት ቅርብ ናቸው። ሁሉም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ግን ይህ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ ያልጠባች፣ አፏ የቀዘቀዘች ግልገል ምድጃ ዳር ከመቀመጧ በፊት ስልክ ይደወል።

ከዚያ ካርቶኑ፣ ሃይላንዶቹ፣ ድርቆሹ። በየግማሽ ሰዓቱ ለካኋት። 37 ካለፈች በኋላ ራሷን አቀናች። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ 38.1 ነበረች፤ ጣቴን ሳስገባ ነከሰችው፣ ከዚያ ጠባችው። ለመጀመሪያው ጊዜ 100 ሚሊ እንገር በቱቦ ሰጠኋት። ከሙቀቱ ቶሎ መውጣቷን አልፈቀድኩም። እናትየዋ እንዳትረሳት ግን ካርቶኑ ከእናትየዋ አጠገብ ሆነ። ቤት ውስጥ ተወስዶ ሲመለስ እናቱ የማታውቀው ግልገል ሌላ ጣጣ ነው።

ፍየሏ በበኩሏ የእንግዴ ልጁን ሌሊቱን ጥላለች። ከሁለተኛው ግልገል በኋላ እጄን አስገብቼ ሦስተኛ እንደሌለ አረጋግጬ ነበር። እጅ የገባበት ማህፀን ስለሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ወጋኋት፤ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ወተቷን ለጊዜው ሰው እንዳይጠጣ፣ ለግልገሎቹ ግን እንዲተው አልኩ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ተጨምሮ ሰጧት፤ ባልዲውን ጨረሰች። ለእማማ የነገርኳቸው ሽታውን እንዲከታተሉ ነው። የሚሸት ፈሳሽ ካለ፣ መብላት ካቆመች፣ እንዲደውሉ። አልደወሉም።

ወንዱ ሁለት ቀን ሙሉ በቱቦ ነው የቆየው። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጡት ያዘ፤ የሚጠባውም ሁልጊዜ አንዱን ጡት ብቻ ነበር። እህቱ ከአንድ ሳምንት በላይ አነከሰች። ያበጠው እግሯ ድኗል፣ ግን የገመዱ ጠባሳ ላይ ፀጉር ነጭ ሆኖ በቀለ። በሁለት ወር ከወንድሟ ትንሽ ትበልጥ ነበር።

እማማ የጠየቁኝ የመጨረሻው ጥያቄ «ልሽጣት?» የሚል ነው። አይደለም አልኳቸው። መንታ ተጠላልፎ መምጣቱ የእሷ ጠባይ አይደለም፤ የሚቀጥለው ወሊድ ቀና ሊሆን ይችላል። ይልቅ ከአውራው ፍየል ጋር የተገናኘችበትን ቀን እንዲጽፉ፣ ከዚያ 150 ቀን ገደማ እንዲቆጥሩ ነገርኳቸው። ቆጥረው ሲያዩት የሚቀጥለው ወሊድ እንደገና ውርጭ ላይ ሊወድቅ ሆነ። አውራውን ፍየል አንድ ሁለት ወር ለይተው አሰሩት።